ሐሰተኛ ካርታና የቤት ሽያጭ፤ ከክፍያ በፊት ከመዝገብ ጋር የሚደረግ ማመሳከር

በኢትዮጵያ ከተሞች ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ ለገዢው በቅድሚያ የሚታየው ሰነድ በተለምዶ «ካርታ» የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑን ስለደነገገ፣ በሽያጭ የሚተላለፈው ቤቱና ከቤቱ ጋር የተያያዘው የይዞታ መብት ነው። ይህ መብት የተመዘገበበት ዋና ማስረጃ በክፍለ ከተማው ወይም በማዘጋጃ ቤቱ የይዞታ ምዝገባ ክፍል የተቀመጠው ማህደር ሲሆን፣ በሻጩ እጅ የሚገኘው ወረቀት ከዚያ ማህደር ወጥቶ የተሰጠ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጁ ሰዎች የሚጠቀሙትም ገዢዎች ወረቀቱን አይተው ማህደሩን ሳያዩ ገንዘብ በመክፈላቸው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ምስክር ወረቀት በአስተዳደር ክፍል የተሰጠው ሰው የንብረቱ ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ቁጥር 1196 ግን ምስክር ወረቀቱ ሕግን ባልተከተለ አሠራር፣ ሥልጣን በሌለው አካል ወይም ዋጋ በሌለው ጽሑፍ መነሻነት የተሰጠ መሆኑ ከተረጋገጠ ግምቱ እንደሚፈርስ ይገልጻል። በቅን ልቦና የገዛን ሰው የሚጠብቀው ቁጥር 1161 የሚያገለግለው ለተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ነው። ስለሆነም በሐሰተኛ ካርታ ቤት የገዛ ሰው «አላወቅሁም» በማለቱ ቤቱ አይጸናለትም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 375 ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት፣ በአንቀጽ 692 ደግሞ ማታለል የሚያስቀጡ ቢሆንም፣ የአጥፊው መቀጣት የተከፈለውን ገንዘብ ለመመለስ ዋስትና አይሆንም።

የማጭበርበሩ ዘዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈበረከ ካርታ ብቻ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ሰነድ በርግጥ ያጋጥማል፤ የካርታ ቁጥሩ በመዝገብ ላይ ስለማይገኝ ወይም የሌላ ይዞታ ሆኖ ስለሚገኝ ማመሳከር እስከተደረገ ድረስ በቀላሉ ይጋለጣል። ይበልጥ አደገኛ የሆኑት እውነተኛ ወረቀት የተያዘባቸው ሽያጮች ናቸው። ካርታው ቀደም ሲል በትክክል ተሰጥቶ በኋላ የመከነና በሌላ የተተካ ሊሆን ይችላል። ባለይዞታው ዋናውን ካርታ ለባንክ በመያዣነት ካስረከበ በኋላ «ጠፍቶብኛል» ብሎ ምትክ የሚያወጣበት አጋጣሚም አለ። አንዳንዴ ደግሞ ሰነዱ በሁሉም ረገድ ትክክለኛ ሆኖ ሐሰተኛው ሻጩ ራሱ ይሆናል፤ በተለይም ባለቤቱ በውጭ አገር የሚኖር ወይም በሕይወት የሌለ ሲሆን፣ ሌላ ሰው በስሙ መታወቂያ ወይም ውክልና አሠርቶ ይቀርባል። በእነዚህ ሁኔታዎች ማኅተሙንና ፊርማውን በዓይን መመርመር ምንም አይጠቅምም።

በዚህ ረገድ ብዙዎችን የሚያሳስተው ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ተቋም መጽደቁ ብቻውን በቂ ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008ም አረጋጋጩ ሻጩ የባለቤትነት ማስረጃ ያለው መሆኑንና ንብረቱ በመያዣ ወይም በእግድ ያልተያዘ መሆኑን እንዲያጣራ ያዛል። ይሁን እንጂ አረጋጋጩ ማህደሩን ራሱ የሚይዝ አይደለም። ማጣሪያው የሚደገፈው የመሬት ይዞታ ክፍሉ በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤው በሻጩ ወይም በደላላው እጅ የሚመላለስ ከሆነ፣ ካርታውን ማስመሰል የቻለ ሰው ደብዳቤውንም ማስመሰል አይቸግረውም።

ለማሳያ ያህል የሚከተለውን ሁኔታ መመልከት ይቻላል። አንድ ገዢ በአዲስ አበባ በ175 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ያረፈ ቤት በ6 ሚሊዮን ብር ለመግዛት ይስማማል። ባለቤቱ አሜሪካ ነው ተብሎ ተወካዩ የካርታ ቅጂና የውክልና ወረቀት ያቀርባል፤ «ሌላ ገዢ መጥቷል» በሚል ምክንያትም 1 ሚሊዮን ብር ቀብድ ይጠይቃል። በሕጉ ቀብድ ተቀባይ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን መመለስ ቢኖርበትም፣ የተሰወረ ተቀባይ አጠፌታውንም ሆነ ዋናውን አይመልስም። በመሆኑም ገዢው ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገሮችን ማጣራት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ውክልናው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ቃል አይበቃም። ውክልናው በውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማለፉ ይታያል። ከዚያም በሰነዱ ቁጥርና ቀን መሠረት ውክልናውን የመዘገበው ተቋም ዘንድ ቀርቦ ቀሪው መኖሩንና ያልተሻረ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ስለሚቋረጥ፣ ገዢው ተወካዩ በሰጠው ስልክ ሳይሆን ራሱ ባገኘው መንገድ ባለቤቱን ቢያነጋግር የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ማህደሩ ነው። በተለመደው አሠራር የይዞታ መረጃ ለማንኛውም ጠያቂ ስለማይሰጥ፣ ማመልከቻውን የሚያቀርበው ሻጩ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ሲሆን ገዢው አብሮ ይገኛል። ሻጩ አብሮ ለመሄድ ሰበብ ካበዛ ግዢውን እዚያው ማቆም ይሻላል። ማህደሩ ሲወጣ የካርታ ቁጥሩ፣ የባለይዞታው ስምና ፎቶግራፍ፣ የቦታው ስፋትና አዋሳኞቹ ከቀረበው ወረቀት ጋር ይነጻጸራሉ። በያዝነው ምሳሌ ስሙና ቁጥሩ ቢገጥሙም፣ ማህደሩ ያ ካርታ መምከኑንና በተተኪው ካርታ ላይ የባንክ መያዣ መመዝገቡን ያሳያል። ይህ በወረቀቱ ላይ ፈጽሞ ሊነበብ የማይችል ነበር፤ ገዢውም 1 ሚሊዮን ብሩን ያተርፋል።

ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ በዚህ ሂደት ከባድ ኃላፊነት አለበት። የማጣሪያ ምላሹ የማህደሩን ቁጥር፣ የካርታውን ቁጥር፣ የመያዣና የእግድ ሁኔታውን ለይቶ መግለጽ ይኖርበታል፤ «ከዕዳና ከእግድ ነፃ ነው» የሚል ደረቅ ቃል ብቻ የያዘ ደብዳቤ ለሌላ ይዞታ ተቀጥሎ ሊቀርብ ይችላል። ምላሹ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት በቀጥታ መላክ፣ ተቀባዩም የወጪ ቁጥሩንና ቀኑን ከላኪው መዝገብ ቤት ጋር ማመሳከር ይጠበቅበታል። ማጣሪያው የተሰጠበትን ቀን ብቻ ስለሚመሰክር፣ በመካከሉ ቀናት ካለፉ ውሉ በሚፈረምበት ዕለት ዳግም መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአዋጅ ቁጥር 818/2006 መውጣት በከተሞች የካዳስተር ምዝገባ እንዲካሄድ መሠረት ጥሏል። ይዞታው በዚህ ምዝገባ ያለፈ ከሆነ የወሰን ጥያቄው በአብዛኛው የጠራ ስለሚሆን ማመሳከሩ ይቀልላል።

መዝገብ የማይነግራቸው ነገሮችም አሉ። ካርታው በአንድ ሰው ስም ቢሆንም ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ሊሆን ይችላል፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ለዚህ ሽያጭ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። በውርስ ያልተከፋፈለ ቤትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ይጠየቃል፤ በቤቱ የሚኖረው ሰውም በምን መብት እንደሚኖር ቦታው ድረስ ተሂዶ ይጠየቃል። ቀሪው ክፍያ በባንክ በኩል፣ በመዝገብ ላይ ባለቤት ተብሎ በሰፈረው ሰው ስም በተከፈተ ሒሳብ ሲገባና የመጨረሻው ክፍል እስከ ስም ዝውውሩ ሲቆይ፣ ሳይታይ ያለፈ ጉድለት ቢኖር እንኳ ገዢው የሚከራከርበት ገንዘብና ማስረጃ በእጁ ይቀራል።