37ቱ የጋሊሊዮ ፊደላት

በ1610 ክረምት ጋሊሊዮ በቴሌስኮፑ ሳተርንን ሲያይ ብቻዋን አልነበረችም፤ ግራና ቀኟ ሁለት ነገር ተለጥፎ ታየው። ግኝቱን ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈለገ፣ ግን ገና እርግጠኛ ስላልነበረ ማውጣትም አልፈለገም። ስለዚህ «ከፍተኛዋን ፕላኔት ሦስት ሆና አየኋት» የሚል የላቲን ዓረፍተ ነገር ጻፈና 37ቱን ፊደላት በዘበራረቀ ቅደም ተከተል ወደ ፕራግ ላካቸው። እዚያ ኬፕለር ነበር፤ ወዲያው ሊፈታው ተቀመጠ።

ስንት አማራጭ ነበረው? መጀመሪያ «ለምለም»ን እንይ። አራት ፊደል ስለሆነ 4! ማለትም 24 ድርድር ይመስላል። አንዱን ለ ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ ብንቀባ እውነትም 24 ነው። ቀለሙን ስናጠፋው ግን ሁለቱ ለዎች ቦታ ቢቀያየሩ ማንም አያውቅም፣ ምዎቹም እንደዚያው። እያንዳንዱ ድርድር አራት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው። 24 ለ4 ሲካፈል 6፦ ለምለም፣ ለምምለ፣ ለለምም፣ ምለለም፣ ምለምለ፣ ምምለለ። አለቀ፣ ሌላ የለም።

በጋሊሊዮ ፊደላት ውስጥ ኤም 5 ጊዜ፣ አራት ፊደላት እያንዳንዳቸው 4 ጊዜ፣ ሁለት ፊደላት 3 ጊዜ፣ ሦስት ፊደላት ደግሞ 2 ጊዜ ይመጣሉ። የቀሩት አንድ አንድ ጊዜ ናቸው።

```
37! / (5! · 4!^4 · 3!^2 · 2!^3)
```

ማካፈሉን ብንረሳ ቁጥሩ ከ11 ቢሊዮን እጥፍ በላይ ያብጥ ነበር። ተካፍሎም ቢሆን 12 ጽፈን 32 ዜሮ መቀጠል አለብን። በሰከንድ ቢሊዮን ድርድር የሚሞክር ኮምፒውተር እንኳ ከዓለማችን ዕድሜ ሁለት ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይፈጅበታል።

ኬፕለር ግን አንድ በአንድ አልሞከረም፤ ትርጉም ፈለገ። ምድር አንድ ጨረቃ አላት፣ ጁፒተር አራት፣ ስለዚህ መሃል ላይ ያለው ማርስ ሁለት ሊኖረው ይገባል ብሎ ያምን ነበር። ለማርስ መንታ ልጆች ሰላምታ የሚያቀርብ ስንኝ አወጣ። ላቲኑ ትንሽ ሻካራ ነው፣ ግን የሁለቱን ፊደላት (ያኔ ዩ እና ቪ አንድ ነበሩ) ቆጥሬያለሁ፦

```
sorted(galileo) == sorted(kepler)   # True
```

አንድም ፊደል አልተረፈም፣ አልጎደለም። ኮምቢኔሽኑ፣ ማለትም የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ነው፤ የተለያየው ፐርሙቴሽኑ፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ ነው። ጋሊሊዮ የላከው የተዘበራረቀ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ ምንም መረጃ ስላልያዘ፣ ኬፕለር እጅ የገባው በተግባር ኮምቢኔሽኑ ብቻ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ስህተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለም። መልሱን የሰማው ጋሊሊዮ ራሱ በኅዳር ሲገልጠው ነው።

በ1656 ሆይኸንስ ስለ ሳተርን ቀለበት ተመሳሳይ እንቆቅልሽ ሲያወጣ መዘበራረቁን ትቶ ፊደላቱን በተራ ደረደራቸው፦ 7 ኤ፣ 5 ሲ እያለ። ለኔ ይሄ የበለጠ ሐቀኛ ነው። ማርስም በ1877 ሁለት ጨረቃ ተገኘላት።