የትይዩ ዘንግ እርጉጥ (የአይ ቅርጽ ቢም)

የትይዩ ዘንግ እርጉጥ (ቲዎረም) የአንድ ቅርጽ የስፋት ሁለተኛ ሞመንት በማዕከሉ በሚያልፍ ዘንግ ዙሪያ ሲታወቅ፣ ከዚያ ጋር ትይዩ በሆነ በማናቸውም ሌላ ዘንግ ዙሪያ ያለውን ዋጋ ለማግኘት የሚያገለግል ደንብ ነው። በክርስቲያን ሁይገንስ እና በያኮብ ስታይነር ስም የሁይገንስና ስታይነር እርጉጥ ተብሎም ይጠራል። በመዋቅር ምህንድስና ዋነኛ አገልግሎቱ እንደ አይ ቅርጽ ቢም ያሉ ከብዙ ክፍሎች የተሠሩ ቁርጠ ገጾችን ማስላት ነው።

የስፋት ሁለተኛ ሞመንት (በመሐንዲሶች ዘንድ ኢነርሺያ የሚባለው) ቢም በጭነት ስር ምን ያህል መጉበጥን እንደሚቋቋም የሚለካ የቅርጽ ባሕርይ ነው። መለኪያው ርዝመት በአራተኛ ርቢ ስለሆነ፣ ከሚሽከረከር አካል የግዝፈት ኢነርሺያ ጋር መምታታት የለበትም።

## ቀመሩ

I = I₀ + A·d²

እዚህ ላይ I₀ በቅርጹ የራሱ ማዕከል (ሴንትሮይድ) በሚያልፈው ዘንግ ዙሪያ ያለው ሁለተኛ ሞመንት፣ A የቅርጹ ስፋት፣ d ደግሞ በሁለቱ ትይዩ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት ነው።

ማረጋገጫው አጭር ነው። ከማዕከሉ በ y ርቀት ላይ ያለ ትንሽ ስፋት ከአዲሱ ዘንግ y + d ይርቃል። ስለዚህ

I = ∫(y + d)² dA = ∫y² dA + 2d∫y dA + d²∫dA

የመጀመሪያው ክፍል I₀ ነው፤ የመጨረሻው A·d² ነው። መካከለኛው ዜሮ የሚሆነው y ከማዕከሉ ስለሚለካ ብቻ ነው፤ ማዕከል ማለት ∫y dA ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ነውና። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ከትይዩ ዘንጎች ሁሉ ትንሹን ዋጋ የሚሰጠው በማዕከሉ የሚያልፈው ነው። ሁለተኛ፣ ማዕከሉን ከማይነካ ዘንግ ተነስቶ በቀጥታ A·d² መደመር ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ ወደ ማዕከሉ ተመልሶ ከዚያ መሻገር ያስፈልጋል።

## ምሳሌ፦ አይፒኢ 200

አይፒኢ 200 የተባለው የአውሮፓ የብረት ቢም ቁመቱ 200 ሚ.ሜ፣ ወርዱ 100 ሚ.ሜ ነው። ከላይና ከታች የተጋደሙት ፍላንጆች ውፍረታቸው 8.5 ሚ.ሜ ሲሆን፣ በመካከል የቆመው ዌብ ውፍረቱ 5.6 ሚ.ሜ ነው። ቁርጠ ገጹ ሦስት አራት ማዕዘኖች ተደርጎ ይወሰዳል። ቅርጹ ተመጣጣኝ ስለሆነ ማዕከሉ በቁመቱ አጋማሽ ላይ ነው።

የዌቡ ማዕከል በቢሙ ማዕከል ላይ ስለሚወድቅ d ዜሮ ነው። ቁመቱ በፍላንጆቹ መካከል 183 ሚ.ሜ ስለሆነ፣ ሞመንቱ 5.6 × 183³ ÷ 12 ሲሰላ 286.0 ሴ.ሜ⁴ ይሆናል።

የአንዱ ፍላንጅ ስፋት 850 ሚ.ሜ² ነው። በራሱ ማዕከል ዙሪያ ያለው ሞመንት 100 × 8.5³ ÷ 12፣ ማለትም 0.5 ሴ.ሜ⁴ ብቻ ነው። የፍላንጁ ማዕከል ከቢሙ ማዕከል 100 − 4.25 = 95.75 ሚ.ሜ ስለሚርቅ A·d² 779.3 ሴ.ሜ⁴ ይሆናል። ሁለቱ ፍላንጆች በአንድነት 1559.6 ሴ.ሜ⁴ ይሰጣሉ።

ድምሩ 1845.6 ሴ.ሜ⁴ ነው። ከዚህ ውስጥ 84 በመቶ ገደማ የመጣው ከፍላንጆቹ A·d² ነው። የአይ ቅርጽ ቢም ብረቱን ከማዕከሉ አርቆ የሚያስቀምጥበት ምክንያት ይህ ነው።

በአምራቾች ሠንጠረዥ ላይ የሚገኘው ዋጋ ግን 1943 ሴ.ሜ⁴ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ዌቡ ከፍላንጁ ጋር በሚገናኝባቸው አራት የውስጥ ማዕዘኖች ካለው ተጨማሪ ብረት ነው። ማዕዘኖቹ በ12 ሚ.ሜ ሬዲየስ የተሞሉ ናቸው። የአራቱ ስፋት በድምሩ 123.6 ሚ.ሜ² ሲሆን፣ ከመካከለኛው ዘንግ 88.8 ሚ.ሜ ገደማ ይርቃሉ። የእነርሱ A·d² 97.5 ሴ.ሜ⁴ ስለሆነ፣ ሲደመር የሠንጠረዡን ዋጋ ይሰጣል።

በቋሚው ዘንግ ዙሪያ ሲሰላ የሦስቱም ክፍሎች ማዕከል በዘንጉ ላይ ይወድቃል፤ d ዜሮ ስለሆነ የሚጨመር ነገር የለም። ውጤቱ ማዕዘኖቹ ሳይቆጠሩ 141.9 ሴ.ሜ⁴ ብቻ ነው። በጎኑ የተጋደመ ቢም በቀላሉ የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

## በአንድ ወገን ላሜራ ሲጨመር

ነባር ቢምን ለማጠንከር ብዙ ጊዜ ላሜራ ከታችኛው ፍላንጅ ስር ይበየዳል። በአይፒኢ 200 ስር 100 በ10 ሚ.ሜ የሆነ ላሜራ ቢበየድ፣ ቁርጠ ገጹ ተመጣጣኝነቱን ስለሚያጣ ማዕከሉ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አዲሱን ማዕከል መፈለግ ነው።

ከላሜራው ግርጌ ሲለካ የላሜራው (1000 ሚ.ሜ²) ማዕከል በ5 ሚ.ሜ፣ የቢሙ (2850 ሚ.ሜ²) ደግሞ በ110 ሚ.ሜ ከፍታ ላይ ነው።

ȳ = (1000 × 5 + 2850 × 110) ÷ 3850 = 82.7 ሚ.ሜ

እንግዲህ ላሜራው ከአዲሱ ዘንግ 77.7 ሚ.ሜ፣ ቢሙ ደግሞ 27.3 ሚ.ሜ ይርቃል። እርጉጡ ለሁለቱም ይሠራል፦ ላሜራው 0.8 + 604.2፣ ቢሙ 1943 + 212.0 ሴ.ሜ⁴ ይሰጣሉ። ድምሩ 2760 ሴ.ሜ⁴ ነው።

የተለመደው ስሕተት ዘንጉን በቀድሞው ቦታ ትቶ የላሜራውን 105 ሚ.ሜ ርቀት ብቻ መጠቀም ነው። ይህ 3046 ሴ.ሜ⁴ ያሳያል፤ ከትክክለኛው በ10 በመቶ ይበልጣል። ስሕተቱ ቢሙን ከእውነተኛው ይልቅ ጠንካራ አድርጎ ስለሚያሳይ አደገኛ ነው። ለማጣራት እርጉጡ ራሱ ያገለግላል፦ የሁለቱ ውጤቶች ልዩነት ከጠቅላላው ስፋትና ከማዕከሉ መውረድ ካሬ ብዜት፣ 3850 × 27.27² = 286 ሴ.ሜ⁴፣ ጋር እኩል መሆን አለበት።

በመጉበጥ የሚመጣው ጫና σ = M·y/I በሚለው ቀመር ይሰላል። ሞመንቱ በ42 በመቶ ቢያድግም፣ የላይኛው ጠርዝ ከአዲሱ ዘንግ የሚርቀው 127.3 ሚ.ሜ ሆኗል፤ ቀድሞ 100 ነበር። ለላይኛው ጠርዝ I/y ከ194.3 ወደ 216.9 ሴ.ሜ³፣ ማለትም በ12 በመቶ ገደማ ብቻ ያድጋል። በታችኛው ጠርዝ ግን 334 ሴ.ሜ³ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ወገን የተበየደ ላሜራ የቢሙን መጉበጥ በደንብ ቢቀንስም፣ በሌላው ወገን ያለውን ጫና የሚያቃልለው በጥቂቱ ነው።

## ገደቦች

ስሌቱ ክፍሎቹ ሁሉ እንደ አንድ አካል እንደሚጎብጡ ያስባል። ላሜራውና ፍላንጁ ሳይንሸራተቱ እንዲሠሩ በመካከላቸው ያለው የሸር ኃይል በብየዳው ወይም በቡሎኑ መተላለፍ አለበት። ላሜራው ሳይያያዝ ከስር ቢደረብ ሁለቱ ለየብቻ ስለሚጎብጡ A·d² ይጠፋል፤ ድምሩም 1943.8 ሴ.ሜ⁴ ብቻ ይሆናል፤ ይህም ላሜራው ምንም እንዳልጨመረ ይቆጠራል።

ክፍሎቹ ከተለያየ ማቴሪያል የተሠሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ብረትና ኮንክሪት፣ ማዕከሉም ሆነ ሞመንቱ ከመሰላቱ በፊት የአንዱ ስፋት በመለጠጥ ሞዱለሳቸው ንጽጽር መባዛት ይኖርበታል።