የውጭ ሀገር ሐዋላ ደረሰኝ አነባበብ፦ ለገንዘብ ተቀባዮች

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በገለምሶ፣ በሂርናና በበዴሳ ከተሞች ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚላክ ገንዘብ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የላኪውን ደረሰኝ ፎቶግራፍ በስልክ ያገኛሉ። በባንክ መስኮት የሚነሳው አለመግባባት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ደረሰኙ ላይ ካሉት ሁለት ድምሮች አንዱን ከሌላው ጋር ከማምታታት ነው።

ለማሳያ ያህል ላኪው 1,000 ሪያል ልኳል፤ የአገልግሎት ክፍያው 20 ሪያል፣ በክፍያው ላይ የሚታሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 3 ሪያል ነው እንበል። ላኪው በአጠቃላይ የከፈለው 1,023 ሪያል ይሆናል። ተመኑ ለ1 ሪያል 36 ብር ከሆነ ለተቀባዩ የሚደርሰው 36,000 ብር ነው። 1,023ን በ36 ያባዛ ሰው 36,828 ብር ይጠብቅና 828 ብር የጎደለበት ይመስለዋል። የተላከው መጠን እንጂ የተከፈለው ጠቅላላ ድምር አይመነዘርም።

ሁለተኛው ወጪ በክፍያ መስመር ላይ አይጻፍም፤ በተመኑ ውስጥ ነው ያለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ የሚወሰን በመሆኑ ባንኮች የየራሳቸውን ዕለታዊ ተመን ያወጣሉ። የሪያል ዋጋ ለ1 ዶላር 3.75 ሆኖ የተቆረጠ ስለሆነ ተመኑን ማመዛዘን ቀላል ነው፦ 36 በ3.75 ሲባዛ 135 ብር ይሆናል። በዚያው ዕለት የባንኩ የዶላር መግዣ ተመን 138 ብር ቢሆን ኖሮ፣ ያው 1,000 ሪያል 36,800 ብር ያስገኝ ነበር። የ800 ብሩ ልዩነት ከክፍያው በላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ «ያለ ክፍያ» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ርካሽነትን አያሳይም። ማመዛዘኑም የሚጠቅመው ከመላኩ በፊት ነው።

የመለያ ቁጥሩ በዌስተርን ዩኒየን 10 አኃዝ ሲሆን ደረሰኙ ላይ MTCN በሚል ይገለጻል። በመኒግራም 8 አኃዝ ነው። ይህ ቁጥር ከመታወቂያ ጋር ገንዘቡን የሚያስከፍል በመሆኑ ደረሰኙን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይገባም።

በዞኑ ተለይቶ የሚያጋጥመው ችግር የስም አጻጻፍ ነው። የቀበሌ መታወቂያ በቁቤ `Caaltuu` ብሎ ሲጽፍ ላኪው እንደ ፓስፖርት ልማድ `Chaltu` ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ሲነበብ አንድ ቢሆንም በኮምፒውተር ላይ የተለያየ ነው። ስለሆነም ተቀባዩ የመታወቂያውን ፎቶግራፍ አስቀድሞ ለላኪው ቢልክና ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በዚያው ፊደል ቢመዘገብ ይመረጣል። ስህተቱ ከተላከ በኋላ ከታየ እርማቱን የሚጠይቀው ላኪው ነው፤ ዋናውን ደረሰኝ ይዞ ወደ ላከበት ተቋም ይሄዳል። የባንኩ ሠራተኛ በመስኮቱ ላይ ስሙን ማስተካከል አይችልም።