ኦፔራ ሚኒ ዳታ የሚቆጥበው እንዴት ነው? ለባንክ ገጽስ ለምን አይመከርም?

በርካሽ ስልኮች ላይ የሚዘወተረው ኦፔራ ሚኒ ማሰሻ ‘Extreme’ በተሰኘው የቁጠባ ስልት ሲሠራ፣ ስልኩ ድረ ገጹን በቀጥታ አያገኝም። ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል፤ ሰርቨሩም ገጹን ከፍቶ፣ ምስሎቹን አሳንሶና ጨምቆ ወደ ስልኩ ይልካል። ዘገምተኛ በሆነ ኔትወርክም ጽሑፉ ቶሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጠባው ግን ዋጋ ያስከፍላል። የገጹ ፕሮግራም የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ በመሆኑ አንዳንድ ቁልፎች ሲጫኗቸው ምላሽ አይሰጡም፤ የተሞሉ ቅጾችም ሳይላኩ ይቀራሉ። ከዚህ የሚከፋው፣ የተመሰጠረ ገጽም ቢሆን ሰርቨሩ ላይ ተፈትቶ እንደገና ስለሚመሰጠር፣ የይለፍ ቃል በባንኩና በደንበኛው መካከል ባለ ሦስተኛ ወገን በኩል ማለፉ ነው። ለዜና ንባብ የሚመቸውን ይህን ስልት፣ የባንክ ገጽ ከመክፈት በፊት ከማሰሻው ማስተካከያ ገብቶ ማጥፋት ያስፈልጋል።