የሠርግ ድግስ የኋሊት ቆጠራ

የሠርግ ድግስ የኋሊት ቆጠራ ከሠርጉ ቀን ተነሥቶ እያንዳንዱ ሥራ የሚጀመርበትን ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ የመወሰን ዘዴ ነው። በአዊ ዞን፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል፣ ብዙ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይደገሳል። ቆጠራውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ጠላ ነው፤ በገንዘብም በሰው ብዛትም ቶሎ እንዲፈላ ማድረግ አይቻልም።

ለምሳሌ ሠርጉ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ቢሆን ቆጠራው እንዲህ ይሆናል፦

* ጥር 17፦ በሬ ይታረዳል፣ እንጀራ ይጋገራል።
* ጥር 14፦ የእንጀራው ሊጥ ይቦካል።
* ጥር 16፦ ድፍድፉ በውሃ ይበጠበጣል።
* ጥር 9፦ ጠላው ይደፈደፋል። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ስለሆነ ወደ እነዚህ ቀኖች አይገፋም።
* ጥር 4፦ ጌሾና ብቅል ይጠነሰሳል።
* ታኅሣሥ 18፦ የብቅሉ ገብስ ይነከራል፤ በቅሎ፣ ደርቆ እስኪፈጭ ጊዜ ይፈልጋል።

እንጅባራ ከዳንግላ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ በመሆኑ ጥንስሱ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል። መድረሱ በአረፋው ይታወቃል። አረፋ ሳይዝ ከተደፈደፈ ጠላው ለሠርጉ ቀን አይደርስም። ስለዚህ ትርፍ ቀን የሚተወው ለጥንስሱ እንጂ ለዳሱ ወይም ለወጡ አይደለም፤ እነዚህ በጎረቤት እጅ በአንድ ቀን ይደርሳሉ።