በተሰጡ ቁጥሮች የማይካፈሉ ድፍን ቁጥሮች ቆጠራ

በተሰጡ ቁጥሮች የማይካፈሉ ድፍን ቁጥሮች ቆጠራ በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። ከ1 እስከ አንድ ወሰን N ድረስ ካሉት ድፍን ቁጥሮች መካከል፣ ከተሰጡት ጥቂት ቁጥሮች በአንዳቸውም ያለ ቀሪ የማይካፈሉት ስንት እንደሆኑ ይጠይቃል። መልሱ የሚገኘው *የማካተትና የማግለል መርህ* በሚባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ መጀመሪያ የእያንዳንዱ ቁጥር ብዜቶች ይቀነሳሉ፤ ሁለት ጊዜ የተቀነሱት ይመለሳሉ፤ ከልክ በላይ የተመለሱት ደግሞ እንደገና ይቀነሳሉ። አሠራሩ አጭር ቢሆንም፣ የተሰጡት ቁጥሮች የጋራ አካፋይ ሲኖራቸው በቀላሉ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

## መነሻው

ከ1 እስከ N ካሉት ቁጥሮች ውስጥ የ d ብዜቶች ብዛት፣ N ለ d ሲካፈል ከሚገኘው ድርሻ ጋር እኩል ነው፤ ቀሪው ይጣላል። ይህ ድርሻ ⌊N/d⌋ ተብሎ ይጻፋል። ለምሳሌ እስከ 100 ያሉት የ3 ብዜቶች 3፣ 6፣ 9 እያሉ እስከ 99 ይሄዳሉ፤ ስለዚህ 33 ናቸው።

አሁን እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች በ2ም፣ በ3ም፣ በ5ም የማይካፈሉትን እንቁጠር። የ2 ብዜቶች 50፣ የ3 ብዜቶች 33፣ የ5 ብዜቶች 20 ናቸው። እነዚህን ሁሉ ከ100 ብንቀንስ −3 ይቀራል። ብዛት አሉታዊ ሊሆን ስለማይችል፣ ከሚገባው በላይ እንደቀነስን ወዲያው ይታወቃል። ለምሳሌ 6 የ2ም የ3ም ብዜት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተቀንሷል። ስለዚህ የ6 ብዜቶችን (16)፣ የ10 ብዜቶችን (10) እና የ15 ብዜቶችን (6) እንመልሳለን፤ 29 ይሆናል። በሦስቱም የሚካፈሉት 30፣ 60 እና 90 ግን ሦስት ጊዜ ተቀንሰው ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል፤ ማለትም ጭራሽ እንዳልተቀነሱ ሆነዋል። እነዚህን 3 ቁጥሮች አንድ ጊዜ ስንቀንስ 26 ይቀራል።

100 − 50 − 33 − 20 + 16 + 10 + 6 − 3 = 26

## ለምን ትክክል ይሆናል?

አንድን ቁጥር ብቻ ይዞ በስሌቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቆጠረ መከታተል ይበቃል። ቁጥሩ ከተሰጡት በአንዱም የማይካፈል ከሆነ በመጀመሪያው N ውስጥ አንድ ጊዜ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም። በተሰጡት በ r ቁጥሮች የሚካፈል ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ተቆጥሮ r ጊዜ ይቀነሳል፤ ቀጥሎ ከ r ውስጥ ሁለት ሁለት እየተመረጠ በሚገኙት ጥንዶች ብዛት ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። r = 2 ሲሆን 1 − 2 + 1 = 0 ነው። r = 3 ሲሆን 1 − 3 + 3 − 1 = 0 ነው። በጠቅላላው ድምሩ (1 − 1) ወደ r ኃይል ከፍ ሲል የሚዘረዘረው ስለሆነ ሁልጊዜ ዜሮ ይሆናል።

ይህ ማስረጃ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ለእያንዳንዱ ጥንድ የምንመልሰው *በሁለቱም የሚካፈሉትን ቁጥሮች በሙሉ* መሆን አለበት፤ ከዚያ ያነሰም የበዛም አይሆንም። ከላይ ባለው ምሳሌ ለ2 እና ለ3 የተጠቀምነው 2 × 3 = 6 ነበር። ይህ የሠራው 2 እና 3 ከ1 በስተቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ብቻ ነው።

## የጋራ አካፋይ ያላቸው ቁጥሮች

የተሰጡት ቁጥሮች 6፣ 10 እና 15፣ ወሰኑም 1000 ይሁን። የ6 ብዜቶች 166፣ የ10 ብዜቶች 100፣ የ15 ብዜቶች 66 ናቸው፤ በድምሩ 332።

እንደ ቀድሞው ጥንዶቹን ብናባዛ 60፣ 90 እና 150 እናገኛለን፤ ብዜቶቻቸውም 16፣ 11 እና 6 ናቸው። የሦስቱ ብዜት 900 ሲሆን እስከ 1000 አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። ስሌቱ 1000 − 332 + 33 − 1 = 700 ይላል። መልሱ ክብ ቁጥር ስለሆነ ደስ ሊል ይችላል፤ ግን ስህተት ነው።

ስህተቱን ለማየት 30ን እንውሰድ። 30 በ6ም፣ በ10ም፣ በ15ም ይካፈላል፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ተቀንሷል። ነገር ግን በ60፣ በ90ም ሆነ በ150 አይካፈልም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜም አልተመለሰም። 1 − 3 = −2፤ ዜሮ ሊሆን የሚገባው ቁጥር በመልሱ ውስጥ እንደ −2 ሆኖ ተቀምጧል። 60 ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ስለተመለሰ −1 ላይ ቀርቷል። እስከ 1000 ያሉት የ30 ብዜቶች 33 ሲሆኑ፣ ሁሉም እንዲህ ሲደመሩ መልሱን በ34 ዝቅ ያደርጉታል።

በሁለት ቁጥሮች የሚካፈል ቁጥር የሁለቱ *ትንሹ የጋራ ብዜት* (ትጋብ) ብዜት ነው። የ6 እና የ10 ትጋብ 30 ነው፤ የ6 እና የ15ም 30፣ የ10 እና የ15ም 30፣ የሦስቱም እንዲሁ 30። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ 33 ይመልሳል፤ ሦስቱ በአንድነት 33 ይቀንሳሉ።

1000 − 332 + 99 − 33 = 734

ሁለት ቁጥሮችን አባዝቶ ለትልቁ የጋራ አካፋያቸው ማካፈል ትጋብን ይሰጣል፦ 6 × 10 = 60፣ ትልቁ የጋራ አካፋይ 2፣ 60 ÷ 2 = 30። ለሦስት ቁጥሮች ግን ይህ አቋራጭ እንዳለ አይሠራም። 6 × 10 × 15 = 900 ነው፤ የሦስቱ ትልቁ የጋራ አካፋይ ደግሞ 1 ነው፤ ትጋባቸው ግን 900 ሳይሆን 30 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሁለቱን ትጋብ ማግኘት፣ ከዚያ የተገኘውን ከሦስተኛው ጋር መውሰድ ያስፈልጋል።

## መልሱን መፈተሽ

የመካፈል ሁኔታ በጠቅላላው ትጋብ ልክ ይደገማል። በ6፣ በ10 እና በ15 ጉዳይ ላይ ይህ በየ30 ቁጥሩ ማለት ነው። ከ1 እስከ 30 የሚወገዱት 6፣ 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 20፣ 24 እና 30 ናቸው፤ 8 ስለሆኑ 22 ይቀራሉ። እስከ 990 ድረስ 33 ዙሮች ስላሉ 33 × 22 = 726 ነው። ከ991 እስከ 1000 ያሉት አሥር ቁጥሮች ከ1 እስከ 10 ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው፤ ከእነሱም ሁለት ብቻ ይወገዳሉ (996 እና 1000)። 726 + 8 = 734።

ሌላው መፈተሻ መሃል ላይ ቆሞ ማየት ነው። ስሌቱ ከቅነሳ በኋላ ቢቆም የሚገኘው ቁጥር ከትክክለኛው መልስ አይበልጥም፤ ከመመለስ በኋላ ቢቆም ደግሞ አያንስም። በዚህ ምሳሌ 668 ከዚያም 767 እናገኛለን፤ 734 በመካከላቸው ነው። ይህ ግን ሁሉንም ስህተት አይዝም፤ የተሳሳተው 700ም በሁለቱ መካከል ይገባል። የዙሩ ፍተሻ የተሻለ ነው።

ድርሻዎቹን ሳይቆርጡ በክፍልፋይ መሥራትም ወደ ሌላ ቁጥር ይወስዳል። 1000 × 22/30 ከ733.3 ትንሽ ይበልጣል፤ ይህ ጥሩ ግምት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። N የጠቅላላው ትጋብ ብዜት በሚሆንበት ጊዜ ግምቱ ልክ ይሆናል።

## የቃላቱ ብዛት

የተሰጡት ቁጥሮች k ከሆኑ፣ የመጀመሪያውን N ጨምሮ በስሌቱ ውስጥ 2ᵏ ቃላት ይኖራሉ። ለ3 ቁጥሮች 8፣ ለ10 ቁጥሮች 1,024፣ ለ20 ቁጥሮች 1,048,576 ናቸው። በእጅ ከአራት ወይም ከአምስት ቁጥሮች በላይ መሥራት አድካሚ ነው። ሁለት ነገሮች ግን ያቀሉታል። አንደኛ፣ ከተሰጡት አንዱ የሌላው ብዜት ከሆነ ሊጣል ይችላል፤ በ4 የማይካፈል ቁጥር በ12ም አይካፈልምና 4 ካለ 12 አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ትጋቡ ከ N የበለጠ ቃል ዋጋው ዜሮ ነው፤ በዚያ ስብስብ ላይ ሌላ ቁጥር ቢጨመርም ትጋቡ አይቀንስምና ከዚያ በታች ያለው ቅርንጫፍ በሙሉ ይታለፋል። የሚከተለው የፓይተን ፕሮግራም ይህንኑ ያደርጋል፦

```python
from math import gcd

def count(N, nums):
    total = 0
    def go(i, l, sign):
        nonlocal total
        total += sign * (N // l)
        for j in range(i, len(nums)):
            m = l // gcd(l, nums[j]) * nums[j]
            if m <= N:
                go(j + 1, m, -sign)
    go(0, 1, 1)
    return total

print(count(1000, [6, 10, 15]))   # 734
```

## ብቸኛ ቁጥሮችን ለመቁጠር

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አድሪያን-ማሪ ሌዣንድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን ቆጠራ ብቸኛ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ሳይዘረዝሩ ለመቁጠር ተጠቅሞበታል። ከ100 የማይበልጥ ማንኛውም ድርብ ቁጥር ከ10 የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ አለው፤ ማለትም በ2፣ በ3፣ በ5 ወይም በ7 ይካፈላል። ስለዚህ በአራቱም የማይካፈሉትን ማወቅ ይበቃል።

በ2፣ በ3 እና በ5 የማይካፈሉት 26 እንደሆኑ አስቀድሞ ታይቷል። አሥራ ስድስቱን ቃላት እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ከእነዚህ 26 ውስጥ የ7 ብዜቶችን ማውጣት ይቻላል። እነዚህ 7 × m የሚል መልክ አላቸው፤ m ከ14 አይበልጥም፣ በ2፣ በ3 እና በ5ም አይካፈልም። እንዲህ ያለ m 1፣ 7፣ 11 ወይም 13 ብቻ ነው፤ የሚወጡትም 7፣ 49፣ 77 እና 91 ናቸው። 26 − 4 = 22 ይቀራል። ከእነዚህ ውስጥ 1 ብቸኛ ቁጥር ስላልሆነ ይወገዳል፤ በወንፊቱ የወጡት 2፣ 3፣ 5 እና 7 ደግሞ ራሳቸው ብቸኛ ስለሆኑ ይመለሳሉ፦ 22 − 1 + 4 = 25። እስከ 100 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 25 ናቸው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚህን የመጨረሻ ሁለት እርምጃዎች ነው፤ 21 ወይም 26 ብሎ የጨረሰ ሰው ከሁለቱ አንዱን ዘሏል።