ስሙ የምግቡ ነው ወይስ የቤቱ?

ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነስቶ ወደ ቱሉ ዲምቱ በታክሲ የሚመላለስ ሰው የምግብ ቤቶችን ታፔላ ማንበቡ አይቀርም። “ምርጥ እንጀራ”፣ “ጣፋጭ ምግብ ቤት”፣ “አቃቂ ሥጋ ቤት” ወዘተ። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን የትኛው የት እንደነበረ አያስታውስም። እነዚህ ስሞች የሚናገሩት ስለ ምግቡ ወይም ስለ ሰፈሩ እንጂ ስለ ቤቱ አይደለም።

ጉዳቱ በመረሳት ብቻ አያበቃም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው መለየት የማይችል ምልክትን አይመዘግብም። “ምርጥ እንጀራ” የሚለውን አንድ ነጋዴ ብቻውን ከያዘው፣ ሌላው ጥሩ እንጀራውን በምን ቃል ይጥራው?

ክርክሩ አገራችንንም በዓለም አደባባይ አጋጥሟታል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 “ሐረር”፣ “ሲዳሞ” እና “ይርጋጨፌ” የተሰኙትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር የቡናው ዓይነት የተለመዱ መጠሪያዎች ናቸው ሲል ተቃወመ። የሐረርና የሲዳሞ ማመልከቻዎች መጀመሪያ ውድቅ ተደረጉ። ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። መንግሥት የታገለለትን ያህል አንድ የሰፈር ነጋዴ ሊታገል አይችልም። ስለዚህ ከመነሻው ክርክር የማይጋብዝ ስም መምረጥ ይሻለዋል።

ለምሳሌ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍል አንዲት እናት አለች እንበል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ስም ሲያወጣ በመጀመሪያ የሚመጣው “ማኅሌትና ቤተሰቦቿ የባልትና ውጤቶች ማዘጋጃ” ነው። ሁለት እንከኖች አሉት። አንደኛው፣ ይህ ስም “ማኅሌት”፣ “ማህሌት”፣ “ማሕሌት” ተብሎ ይጻፋል፤ በስልኩ የሚፈልጋት ደንበኛ በሌላኛው “ሀ” ከጻፈ ላያገኛት ይችላል። ሁለተኛው ርዝመቱ ነው። የታፔላ ሠሪዎች መለኪያ በየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ነው። 2 ሜትር ስፋት ባለው ታፔላ ላይ ይህ ሁሉ ፊደል በአንድ መስመር ሲደረደር ቁመቱ ከ8 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። እንደ ልብ የሚነበበውም ከ10 ሜትር ባልራቀ ቦታ ነው።

ቀጥሎ “ሌማት” ይባላል። ቃሉ ያምራል፤ ነገር ግን መንግሥት በ2015 ዓ.ም. “የሌማት ትሩፋት” የተባለውን መርሐ ግብር ከጀመረ ወዲህ ቃሉ የዚያ መጠሪያ ሆኗል። ደንበኛው ቤቱን የመርሐ ግብሩ መሸጫ ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛው “ጉልቻ” ይሁን። ሦስት ፊደል ነው፤ ሞክሼ ፊደል የለበትም፤ ለእንጀራ የቀረበ ቢሆንም የእንጀራ መጠሪያ አይደለም። “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” የሚል ቀልደኛ አይጠፋም፤ ቀልዱም ቢሆን ስሙን ያስታውሳል። ከሁሉ በላይ ስሙ ሥዕሉን ይዞ ይመጣል፤ ሦስት ክብ ድንጋዮች፣ ሌላ ጌጥ አያስፈልግም።

ሥዕሉና ጽሑፉ በአንድ ቀለም ይሠሩ። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ምልክቱን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አሳንሶ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ማድረግ። በላስቲክ ከረጢትና በማኅተም ላይ የሚታየው እንደዚያ ነው። በተለይ የፊደሉን ቅጥያዎች መመልከት ያስፈልጋል። “ቡ” እና “ቢ” የሚለያዩት በቀኝ በኩል ባለችው አጭር መስመር ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ፊደሉ ከልክ በላይ ሲወፍር ክፍተቱ ይደፈንና ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ፎቶ ኮፒው ላይ ያልተለየ ፊደል ታፔላውም ላይ ከሩቅ አይለይም።

ታፔላ ከማሠራት በፊት ግን ሁለት መዝገቦች መታየት አለባቸው። ብዙ ነጋዴ ከንግድ ፈቃዱ ጋር የንግድ ስም ካስመዘገበ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። የንግድ ስም የነጋዴው መጠሪያ ነው፤ የዕቃው ወይም የአገልግሎቱ መለያ የሆነው የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ መሠረት የምልክቱ ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ የምስክር ወረቀት ነው፤ ጥበቃውም ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ጸንቶ እንደገና ይታደሳል። በዓለም አቀፉ አመዳደብ እንጀራን ጠቅልሎ መሸጥ በምድብ 30፣ ምግብ ቤት ደግሞ በምድብ 43 ስለሚገኝ፣ ነገ ቁርስ ቤት ለመክፈት የምታስብ ሴት ሁለቱንም ብትጠይቅ ይበጃታል።

“ጉልቻ”ም በመዝገቡ ውስጥ ቀድሞ ተይዞ ከተገኘ ከታፔላው ወጪ በፊት መታወቁ ትርፍ ነው። ስም መለወጥ የሚቀለው ከረጢቱ ሳይታተምና የታክሲ ረዳቱ “ጉልቻ ጋ ወራጅ አለ” ማለት ሳይጀምር ነው።